የዕለት ገንዘብ መዝገብ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ። እያንዳንዱ አባል አንድ ባለ መስመር ደብተር ይይዛል፤ ለየቀኑ አንድ ገጽ ሰጥቶ ጠዋት በመሳቢያው ያደረውን ገንዘብ፣ ቀን የገባውንና የወጣውን፣ ማታም ቆጥሮ ያገኘውን ይጽፋል። እያንዳንዱ ሽያጭ በተሸጠበት ሰዓት ይመዝገብ የሚል አንቀጽም አስገብቻለሁ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

በትምህርት ቤቱ በር ያለችው ባለ ሱቅ፦ የመጨረሻው አንቀጽ ለእኔ አይሆንም። ጠዋት ተማሪዎች ሲያልፉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማስቲካና ብስኩት የሚገዛኝ ብዙ ነው፤ መልስ እየቆጠርኩ እስክሪብቶ ልይዝ አልችልም። ከዚህ ቀደም ሞክሬው በአራተኛው ቀን ደብተሩ የልጄ መሳያ ሆኖ ቀርቷል።

በጡረታ የተገለሉት የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ እኅታችን ያሉት እውነት ነው፤ አንቀጹ ይውጣ እላለሁ። የጥሬ ገንዘቡን ሽያጭ ማታ ከቆጠራው ተነሥቶ ማግኘት ይቻላል። ጠዋት በመሳቢያው 600 ብር አድሮ ነበር እንበል፤ ማታ ስንቆጥር 4,350 ብር አገኘን። በቀኑ ለዳቦ አከፋፋይ 900፣ ለዕቁብ 200፣ ለቤት አስቤዛ 500 ብር ከመሳቢያው ወጥቷል፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ የቆየ ዱቤ 350 ብር ከፍሏል። የተቆጠረውንና የወጣውን ስንደምር 5,950 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ያደረውን 600 እና የተመለሰውን ዱቤ 350 ስንቀንስ የዕለቱ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ 5,000 ብር ነው ማለት ነው። በየሰዓቱ መጻፍ የሚያስፈልገው ከመሳቢያው የወጣውና ከሽያጭ ውጭ የገባው ብቻ ነው፤ ይህም በቀን ከአምስት ወይም ከስድስት መስመር አያልፍም። የዕለቱ አዲስ ዱቤ ገንዘብ ስላልሆነ በዱቤ ደብተር ይቆያል።

ባለ ሸቀጣ ሸቀጡ፦ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው። እንግዲያው ሱቁን የሚጠብቅልኝ ልጅ ገንዘብ ቢያጎድል መዝገቡ በዚያው ማታ ይነግረኛል ማለት ነው፤ ይህ ጥቅም በረቂቁ በግልጽ ይጻፍልን።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ይህንስ እንዳንጽፍ፤ በዚህ አሠራር አይነግርዎትም። ሽያጩ የተገኘው ከተቆጠረው ገንዘብ ስለሆነ፣ ልጁ 300 ብር ቢወስድ ስሌቱ ሽያጩን 4,700 ያደርገዋል እንጂ ጉድለት ብሎ አያወጣውም። እርስዎ ራስዎ ለአስቤዛ ያነሡትን 500 ብር ሳይጽፉ ቢረሱም እንዲሁ ሽያጩ 4,500 መስሎ ይታያል፤ ገበያው ቀዘቀዘ ብለው ያዝናሉ። ጉድለት የሚታወቀው ከገንዘቡ ሌላ የሚመሳከር ነገር ሲኖር ነው። ለምሳሌ ጠዋት 120 ዳቦ ተረክበው ማታ 9 ከተረፈ የተሸጠው 111 ነው፤ የዳቦውን ገንዘብ በተለየ ቆርቆሮ ካስቀመጡ፣ በ111 ዳቦ ዋጋ ልክ መኖር አለመኖሩን ያያሉ። ሁሉንም ዕቃ እንዲህ መቁጠር ግን የማይሞከር ነው።

የመንገድ ዳሩ ባለ ሱቅ፦ ይህ መዝገብ ለግብር ከተያዘ እኔ አልስማማበትም፤ ነገ ደብተሩን አምጣ ብባልስ?

ጸሐፊው፦ ወንድሜ፣ የግብሩ ጉዳይ በሌላ አጀንዳ የተያዘ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ባለቤቱ የራሱን ገንዘብ ስለሚያውቅበት መንገድ ብቻ ነው።

በአውቶቡስ መናኸሪያ ያለችው ባለ ሱቅ፦ የእኔን ችግር ላንሣ። መንገደኞች ጥሬ ገንዘብ ሰጥተውኝ በቴሌብር ወደ ዘመድ እንድልክላቸው ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት 1,000 ብር ሰጥተውኝ ከስልኬ ላክሁላቸው፤ ማታ በጋሼ ስሌት ብሠራው ኖሮ የ1,000 ብር ዕቃ የሸጥሁ ይመስል ነበር። ከስልኬ የወጣውን ያስታወስሁት ለአከፋፋዩ ልከፍል ስል አልበቃ ሲለኝ ነው። በዚያ ላይ እኅቴ ከዱባይ ለእናታችን የምትልከውም በዚሁ ስልክ ይገባል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር። እንግዲያው ለስልክ ሁለተኛ ዓምድ ያስፈልጋል። የእናትየው ገንዘብ በመሳቢያው ዓምድ እንደ ዱቤው ከሽያጭ ውጭ የገባ 1,000፣ በስልኩ ዓምድ የወጣ 1,000 ተብሎ ይጻፋል። ማታ መሳቢያው ሲቆጠር የስልኩም ቀሪ ሒሳብ ታይቶ ይመዘገባል፤ በቴሌብር የተሸጠውም በዚያው ስሌት ይወጣል። የማስተላለፊያ ክፍያ ከተቆረጠ እንደ ወጪ ይያዛል። የእኅትዎ ገንዘብ ግን በሌላ ቁጥር ቢገባ ይሻላል።

በትምህርት ቤቱ በር ያለችው ባለ ሱቅ፦ ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ያለው ስንቱ ነው? እኔ የለኝም።

ጸሐፊው፦ ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ የየሽያጩ ምዝገባ ወጥቷል፤ የመሳቢያና የስልክ ሁለት ዓምድ ገብቷል፤ ለቤት የተነሣ ገንዘብ፣ አሥር ብርም ቢሆን፣ በተነሣበት ሰዓት ይጻፋል። መዝገቡ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ነው የሚል ቃል አይኖርም። ዳቦን ለይቶ መቁጠር ሠራተኛ ላላቸው ብቻ በአማራጭነት ቀርቧል። የተለየ ስልክ ቁጥር ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን የሚለውን ግን ስላልተስማማንበት ክፍት ትቼዋለሁ፤ ጉባኤው ይወስንበት።

ባለ ሸቀጣ ሸቀጡ፦ ዘይትና ስኳርም ከዳቦው ጋር ይጨመሩልኝ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እነሱ ናቸው።