ጥቆማ ስጡኝ፦ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ የሚገጥም የመሳቢያ እጀታ

ጠያቂዋ፣ ሽምብጥ፦ የእናቴ ቡፌ ስድስት መሳቢያ አለው። እጀታዎቹ ተላልጠዋል። አሮጌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት፣ 11 ሳንቲ ሆነ። 11 ሳንቲ አዲስ ገዛሁ፣ ብሎኑ ግን ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ። ቡፌውን ማስበሳት አልፈልግም። የት ልግዛ? የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይሻላል ወይስ ቅዳሜ ገበያ?

አናጺው፣ ዓባይ ማዶ፦ እህቴ፣ የእጀታው ርዝመት አይጠቅምሽም። የሚፈለገው በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ለመሀል ያለው ርቀት ነው። መሀሉን በዓይን መገመት ያሳስታል። ከግራው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ተነሺና እስከ ቀኙ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኪ። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ከሆኑ ያው መሀል ለመሀል ማለት ነው። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ቆርቆሮ ስለሚንቀሳቀስ ከ10 ሳንቲ ላይ ጀምሪ፣ መጨረሻ ላይ 10 ቀንሺ።

ከቀበሌ 14፦ እኔ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ነው የምለካው። ይቀላል።

አናጺው፦ እሱም ይሆናል፣ ግን የአንዱን ቀዳዳ ስፋት ካልደመርክበት ያጥራል።

ጠያቂዋ፦ ሁለቱንም ሞከርኩ። ውስጥ ለውስጥ 91 ሚሊ ነው፣ ቀዳዳው 5 ሚሊ። ግራ ለግራ ስለካ 96 መጣ!

አናጺው፦ በቃ፣ 96 በይና ግዢ። 64፣ 96፣ 128 የተለመዱ ልኮች ናቸው። እኔ መደብር ነው የምመርጥልሽ። ስድስቱንም አንድ ዓይነት የማግኘት ዕድልሽ ሰፊ ነው። ገበያ ይረክሳል፣ ግን የተበታተነ ስለሆነ አራት አግኝተሽ ሁለት ልታጪ ትችያለሽ። የትም ሂጂ፣ አሮጌውን እጀታ ይዘሽ ሂጂ። ጀርባ ለጀርባ ስትገጥሚያቸው የብሎን ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ብሎኑንም እዪ። የመሳቢያሽ ፊት 18 ሚሊ ውፍረት ካለው 22 ወይም 25 ሚሊ ብሎን ይበቃል። ከረዘመ እስከ መጨረሻው አጥብቀሽውም እጀታው ይወዛወዛል።

ከሐይቁ ዳር፦ የኔ መሳቢያ ክረምት ላይ አልከፈት ይላል። እጀታ ብቀይር ይሻለው ይሆን?

አናጺው፦ ያ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው። እጀታ አይፈታውም፣ በበጋ ጠርዙን ትንሽ አስልገው።

ከቀበሌ 14፦ የኔ አሮጌ ቁምሳጥን 76 ሆነብኝ። ብዙ ዞርኩ፣ አላገኘሁም።

አናጺው፦ እሱ ሦስት ኢንች ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ማስፋት ይቻል ነበር። ከ64 ጋር ግን ልዩነቱ 12 ሚሊ ነው፣ አይሞከርም። ከሥሩ ሳህን ያለውና አሮጌውን ቀዳዳ የሚሸፍን እጀታ ፈልግ። እሱም ቢሆን አዲስ መብሳት ሊያስፈልገው ይችላል።

ከቀበሌ 14፦ ሳይበሳ የሚሆን 76 ያየ ሰው ካለ ይጠቁመኝ።

ጠያቂዋ፦ ነገ መደብሮቹን ስዞር 76 ካየሁ እጽፍልሃለሁ።