212 ቃል ወደ 150 እንዴት ይውረድ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። የድሮ የማስተርስ ጽሑፌ ሶፍት ኮፒው ጠፍቶ የቀረኝ ስካን ብቻ ነው። አሁን የምዕራፍ 4ን አብስትራክት ከ150 ቃል ሳላሳልፍ እንዳስገባ ተጠይቄያለሁ። ርዕሱ ጤፍን በመስመር መዝራት ነው።

ሰንጠረዡ ላይ አንድ ቁጥር 37 ይሁን 87 አይለይም ነበር። ሌሎቹ 68 እና 15፣ ድምሩ 120 ስለሆነ 37 መሆኑን አረጋገጥኩ። ጽሑፉም 31 በመቶ ይላል፤ ይገጥማል።

ያስቸገረኝ ርዝመቱ ነው። 212 ቃል ሆነብኝ፤ ዘዴው ብቻ 90 በላ። የናሙና አመራረጡን አውጥቼ «120 አርሶ አደሮች በመጠይቅ ተጠይቀው» ብል ይበቃል? ውጤቱን መቁረጥ አልፈልግም።

ደግሞ ገጽ 19 ጠርዙ ተቆርጧል። መስመር መዝራቱን የተዉበት ምክንያት እዚያ ነበር። ከትዝታዬ ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?