የአማካሪነት እውቀቴን አንድ ክህሎት ብቻ ወደሚያስተምር ካሩሰል እንዴት ልለውጠው?

የክምችት አማካሪዋ፦
ለትናንሽ ሱቆች የዕቃ ክምችት አያያዝ ማማከር ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን በካሩሰል፣ ማለትም በጣት እየተገፋ ገጽ በገጽ በሚታይ ልጥፍ፣ ለማስተማር አስቤ እስካሁን 6 ልጥፎች አውጥቻለሁ። የመጨረሻው «ክምችትዎን የሚያስተካክሉባቸው 10 መንገዶች» የሚል ነበር፤ ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ስላይድ ሰጥቼዋለሁ። ብዙ ሰው ወድዶታል። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ታዲያ ከየት ልጀምር?» ሠርቶ ያሳየኝ አንድም ሰው የለም። አንባቢው አይቶት ወዲያው ሊሠራው እንዲችል እውቀቴን እንዴት ልከፋፍለው?

ገጽ ንድፍ ሠሪው፦
ችግሩ የጽሑፍ ብዛት ነው። ስላይዶቹን ወደ 5 ያውርዷቸው፤ በአንዱ ላይ ከ15 ቃል በላይ አይጻፉ። ሰው በስልክ ረጅም ነገር አያነብም። ደግሞም ሁሉንም አይስጡ፤ የመጨረሻውን እርምጃ ለራስዎ ያስቀሩ። እርሱን የፈለገ ደውሎ ይጠይቅዎታል፤ አማካሪ የሚኖረው በዚህ ነው።

የቋንቋ መምህርቷ፦
እህቴ፣ እኔም በዚሁ ተሰቃይቼ ስለነበር ያገኘሁትን ልንገርሽ። ሊንክድኢን ላይ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ስጭናቸው ተደርድረው ይታዩ ነበር እንጂ እንደ ገጽ አይገለጡም ነበር። ኋላ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጌ እንደ ሰነድ ስጭነው ተስተካከለ። ግን ተጠንቀቂ፤ ከወጣ በኋላ ፋይሉን መለወጥ አይቻልም። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ገድፌ ልጥፉን ከነአስተያየቱ ለማጥፋት ተገድጃለሁ።

የክምችት አማካሪዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ፒዲኤፉን እሞክረዋለሁ። የእኔ ችግር ግን ከመጫኑ በፊት ያለው ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለው።

ሥልጠና አዘጋጁ፦
«ክምችትን ማስተካከል» ርዕስ እንጂ ክህሎት አይደለም። 10ሩ መንገዶችም እያንዳንዳቸው ርዕስ ናቸው፤ አንባቢው «ከየት ልጀምር» ማለቱ ትክክል ነው፤ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ አልተሰጠውም። እኔ ክህሎትን የምለየው አንድ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ነው፦ «ይህን ያየ ሰው ሲጨርስ በእጁ ይህን ይዞ ይነሣል።» በ«ይህን» ቦታ የሚታይ ነገር ካልገባ፣ ማለትም አንድ ቁጥር፣ አንድ የተሞላ ቅጽ ወይም አንድ የተጻፈ ደብዳቤ ካልገባ፣ ገና አልጠበበም። «ግንዛቤ ይዞ ይነሣል» ከወጣ ይቅደዱት።

ከእርስዎ ሥራ ለምሳሌ ይህን ልውሰድ፦ «የአንድ ዕቃ ክምችት ስንት ሲቀር ማዘዝ እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ቁጥር ይዞ ይነሣል።» የሁሉም ዕቃ አይደለም፤ የአንድ ዕቃ ነው። ይህ ለአንድ ካሩሰል ይበቃል።

ከዚያ እርምጃዎቹን ከማስታወሻዎ አይቅዱ። እውቀት በማስታወሻ ላይ በምዕራፍ ይደረደራል፤ ሥራ ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይሠራም። አንድ ባለ ሱቅ ፊት ተቀምጠው ቁጥሩን ሲያወጡለት ድምፅዎን ይቅረጹ፤ በኋላ እያዳመጡ የጠየቁትን፣ የተመለከቱትን፣ ያሰሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፉ። የረጅም ጊዜ ባለሙያ የሚዘላቸው እርምጃዎች የሚገኙት እዚያ ነው። ዓይን በለመደው ነገር ላይ ሳያቆም ያልፋልና ስናስተምር ከሁሉ በፊት የሚቀረው እርሱ ነው።

የስላይዱን ቁጥር አስቀድመው አይወስኑ። ኢንስታግራም እስከ 20 ይፈቅዳል፤ አንድ እርምጃ አንድ ስላይድ ከሆነ 7ም 9ም ቢመጣ ችግር የለውም። ሰው የሚሰለቸው ገጹ ስለበዛ ሳይሆን የሚቀጥለው ገጽ የያዘውን ሥራ ስለማያስኬድለት ነው።

የክምችት አማካሪዋ፦
ቀረጻውን ትናንት አደረግሁ። ከዚያ ያወጣሁት ረቂቅ ይህ ነው፦ አንደኛ፣ በብዛት የሚሸጥ አንድ ዕቃ ይምረጡ። ሁለተኛ፣ ባለፉት 30 ቀናት ስንት እንደተሸጠ ይቁጠሩ። ሦስተኛ፣ በ30 ያካፍሉ። አራተኛ፣ ካዘዙ በኋላ ዕቃው ብዙውን ጊዜ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጻፉ። አምስተኛ፣ ሁለቱን ያባዙ። የወጣው ቁጥር ሲቀር ይዘዙ። የመጠባበቂያውን ክምችት ለሌላ ልጥፍ አስቀርቼዋለሁ።

ባለ ሱቁ፦
እኔ ካሩሰል አልሠራም፤ ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት። ረቂቅዎን በራሴ ሳሙና ሞከርኩት። በ30 ቀን 180 ሸጫለሁ፤ በቀን 6 መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ በ7 ቀን ይደርሳል። ስለዚህ 42 ሲቀር እዘዝ ይለኛል።

ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ባለፈው ወር 30 ሲቀር ነው ያዘዝኩት፤ ሳሙናው በ4 ቀን አለቀ። በቀን 6 የምሸጥ ከሆነ 5 ቀን መቆየት አልነበረበትም?

የክምችት አማካሪዋ፦
ዕቃው መቼ ደረሰ? መደርደሪያውስ ስንት ቀን ባዶ ዋለ?

ባለ ሱቁ፦
በ10ኛው ቀን ነው የደረሰው። 6 ቀን ባዶ ነበር።

የክምችት አማካሪዋ፦
አሁን ገባኝ፤ ይህን ከረቂቁ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው መደርደሪያው ባዶ የዋለባቸውን ቀናት ነው። ቀረጻው ውስጥም ጠይቄዋለሁ፤ ስጽፍ ግን እንደ ጨዋታ ቆጥሬው አለፍኩት። እርስዎ የሸጡት በ30 ቀን ሳይሆን ዕቃው በነበረበት በ24 ቀን ነው። 180 ለ24 ሲካፈል በቀን 7.5 ይሆናል። 30ው በ4 ቀን ማለቁም ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ42 ቢያዙ ኖሮ ደግሞ 6 ቀን ሳይሞላ ያልቅብዎት ነበር።

ሥልጠና አዘጋጁ፦
የካሩሰሉ ልብ ይህ ስላይድ ነው። «መደርደሪያው ባዶ የነበረባቸውን ቀናት ይቀንሱ» የሚለውን ከማካፈሉ በፊት ለብቻው ያስቀምጡት።

ሁለተኛ ስሕተት ደግሞ «ብዙውን ጊዜ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ሰው ሲጠየቅ የሚነግርዎት መልካሙን ቀን ነው። ባለ ሱቁ 7 አሉ፤ የመጨረሻው ግን 10 ፈጅቷል። «ከመጨረሻዎቹ 3 ትዕዛዞች የዘገየው በስንት ቀን ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ። 7.5 በ10 ሲባዛ 75 ነው። እንዲህ ከተደረገ መጠባበቂያው በቁጥሩ ውስጥ ስለገባ ለጀማሪ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም።

ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ላሉት የምሠራበት መለያ ይህ ነው፦ ሲቀር ውጤቱን ስሕተት የሚያደርገው እዚሁ ይገባል፤ ሲጨመር ውጤቱን የሚያሻሽለው ወደሚቀጥለው ልጥፍ ይሄዳል። ባዶዎቹን ቀናት መቀነስ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የትዕዛዝ ወጪን ማስላት ሁለተኛው ነው።

የባለ ሱቁን ሳሙና ከፈቀዱልዎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላይድ ይዘውት ይሂዱ። በየገጹ ምሳሌ አይለውጡ፤ 180፣ 24፣ 7.5፣ 10፣ 75 አንዱ ከሌላው ሲወለድ አንባቢው ዓይኑ እያየ ይከተላል። ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ስላይዶቹን አትመው ዘርፉን ለማያውቅ ሰው ይስጡና ዝም ብለው ይቀመጡ። «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ቀና ያለበት ገጽ አንድ እርምጃ ጎድሎታል። አያስረዱት፤ ገጹን ያስተካክሉት።

ባለ ሱቁ፦
ሳሙናውን ይጠቀሙበት። 75 ብዬ መደርደሪያው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ገጽ ንድፍ ሠሪው፦
5 ስላይድ ያልኩትን አነሣለሁ፤ ይህ በ5 አይገባም። ስለ አቀራረቡ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ስላይድ አይቶ ላለፈ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ልጥፍ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ ሰላምታና የራስ መግለጫ አይጻፉ፤ ብቻውን ቢታይ ትርጉም የሚሰጥ ይሁን። እኔ ብሆን «30 ሲቀር አዘዘ፤ 6 ቀን ባዶ መደርደሪያ ይዞ ዋለ» ብዬ የባለ ሱቁን ችግር አስቀምጥበታለሁ።

ሌላው የፊደሉ መጠን ነው። ገጹን በ1080 በ1350 ፒክሰል ሲሠሩት በኮምፒውተር ሰፊ ይመስላል፤ በስልክ ግን ሲሶ ያህል ሆኖ ነው የሚታየው። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ነው፤ ሲያንስ «ሱ» እና «ሲ» ይመሳሰላሉ። ከ40 ፒክሰል በታች አይውረዱ። ካልበቃ ፊደሉን አያሳንሱ፤ ገጹን ለሁለት ይክፈሉት።

የመጨረሻውን እርምጃ ማስቀረቱን በተመለከተ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም። 75ን በነጻ ያገኘ ሰው ለምን ይከፍልዎታል?

ባለ ሱቁ፦
የመጨረሻው ቢደበቅ ኖሮ እኔ ትቼው እሄድ ነበር።

ሥልጠና አዘጋጁ፦
በእኔ ልምድ አንድ ዕቃ በራሱ ያስተካከለ ሰው ቀጥሎ የሚያየው የቀሩትን 300 ዕቃዎች ነው፤ አማካሪ የሚፈልገውም ያኔ ነው። ይህ ለሁሉም ዘርፍ ይሠራል ብዬ ግን አልምልም። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ከሆነ የንድፍ ሠሪው ስጋት ተገቢ ነው።

የክምችት አማካሪዋ፦
ሙሉውን ላወጣው ወስኛለሁ፤ ግማሽ ቁጥር በሰው ሱቅ ውስጥ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ዛሬ አይቻለሁ። በ8 ስላይድ ገብቷል፤ ለእህቴ ልጅ አትሜ ሰጥቻት አራተኛው ላይ ብቻ ቆማለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከደንበኞቼ ጋር ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ የትኛው ዕቃ ከሱቁ ይውጣ የሚለው ነው። እርሱ ስሌት የለውም፤ አይቼ ነው የምፈርደው። እንዲህ ያለውንስ በእርምጃ ማስቀመጥ ይቻላል?

ሥልጠና አዘጋጁ፦
እኔ በእርምጃ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ እርምጃዎቹ «እንደ ሁኔታው ይወስኑ» የሚል ገጽ ላይ ያልቃሉ። የተሻለ የመሰለኝ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ዕቃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንዱን አስወጣሁ፣ አንዱን አቆየሁ፤ የለየኋቸው በዚህ ነው» ማለት ነው። ያ ክህሎት ያስተምር ወይስ ዓይን ብቻ ይክፈት፣ ገና አልለየሁትም። ሌላ የሞከረ ካለ መስማት እፈልጋለሁ።

ባለ ሱቁ፦
እኔም ልጠይቅ። ደብተር የምሸጠው ትምህርት ሲከፈት ብቻ ነው። ለእርሱም በዚሁ መንገድ ላስላ?

የክምችት አማካሪዋ፦
አይሆንም፤ ያለፉት 30 ቀናት ስለሚቀጥሉት 30 ምንም አይነግሩዎትም። ይህ መንገድ የሚሠራው ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ሽያጭ ላለው ዕቃ ነው። ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ይህንኑ አንደኛው እርምጃ ላይ፣ ዕቃው በሚመረጥበት ገጽ አስገባዋለሁ።