11 በመቶ ቋሚ ወለድ ያለውን ብድር ቀድሞ ስለመዝጋት

አራት ኪሎ አካባቢ ላለኝ የኅትመት ሱቅ ማሽን ለመግዛት 300,000 ብር ልበደር አስቤ ሁለት አበዳሪዎችን ጠይቄ ነበር። አንደኛው በዓመት 11 በመቶ ቋሚ ወለድ (ፍላት ሬት) ለ4 ዓመት በወር 9,000 ብር፣ ሌላው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ 16 በመቶ ለ3 ዓመት በወር 10,547 ብር ገደማ አቀረቡልኝ። ወለዱም ወርሃዊ ክፍያውም የሚያንሰው የአንደኛው ስለሆነ ልፈርም ተቃርቤ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን፣ ቋሚው ወለድ ዕዳው እየቀነሰ ቢሄድም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ በ300,000 ብር ላይ ስለሚታሰብ፣ ጠቅላላ ወለዱ 132,000 ብር ሲደርስ የሌላው 80,000 ብር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከጊዜው መርዘም ብቻ የመጣ መስሎኝ 16 በመቶውን ወደ 4 ዓመት ባራዝመው፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 8,502 ብር ወረደ። ኤክሴል ላይ `=RATE(48,-9000,300000)*12` ብዬ ስሞክር ደግሞ የ11 በመቶው ትክክለኛ ወለድ 19.2 በመቶ ሆኖ ወጣ።

ችግሩ ርካሹ አበዳሪ የቤት ካርታ በመያዣነት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የተከራየሁ ነኝ። ስለዚህ ውዱን ወስጄ በ24ኛው ወር ለመዝጋት አስቤያለሁ። በዚያን ጊዜ ያልደረሰው ወለድ ከተቀነሰልኝ ቀሪው ዕዳ 178,000 ብር ገደማ፣ ካልተቀነሰልኝ ግን 216,000 ብር ይሆናል፤ የብድር ሠራተኛው «ያኔ ይታያል» ከማለት በቀር ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኝም።

ቋሚ ወለድ ያለው ብድር ቀድማችሁ የዘጋችሁ፣ ያልደረሰው ወለድ እንዲቀነስላችሁ ውሉ ላይ ምን ተብሎ ተጽፎ ነበር?