የኢቺሞኩ ደመና አረንጓዴ ነው፣ ዋጋው ግን እየወረደ ነው። የቱን ልመን?

ሜሪ ኮዬ፦ ሰላም ቤተሰብ። ገና ጀማሪ ነኝ፣ ዴሞ ላይ ነው ያለሁት። እዚህ ኮዬ ፈጬ መብራት ስለሚቆራረጥ ወርቅን በአራት ሰዓት ቻርት ነው የማየው። ኢቺሞኩ ስከፍት ከፊት ያለው ደመና አረንጓዴ ነው። ዋጋው ግን እየወረደ ነው። ልግዛ ወይስ ልተው?

ናቲ ቡራዩ፦ አረንጓዴ ከሆነማ ትሬንዱ ወደ ላይ ነው። ቀዩ መስመር ሰማያዊውን ወደ ላይ ሲቆርጥ ግቢ፣ አለቀ።

ጋሽ ለገጣፎ፦ ናቲ ቀስ በል፣ ቀለሙ እንደ መተግበሪያው ነው። ሜታትሬደር ላይ ፈጣኑ መስመር፣ ቴንካን፣ ቀይ ነው፤ ዘገምተኛው ኪጁን ሰማያዊ። ትሬዲንግቪው ላይ ተገላቢጦሽ ነው። በቀለም የሄደ ሰው መሸጫው ላይ ይገዛል። ሴቲንጉ ውስጥ 9 የተጻፈበት ፈጣኑ ነው፣ 26 ደግሞ ዘገምተኛው።

ሜሪ፣ ከፊት ያለው ደመና ትንቢት አይደለም። በምሳሌ እንየው። ያለፉት 9 ካንድሎች ከፍተኛ 2400፣ ዝቅተኛ 2340 ይሁን። መሀሉ 2370፣ ይህ ቴንካን ነው። በ26ቱ ከፍተኛው ያው ሆኖ ዝቅተኛው 2300 ከሆነ ኪጁን 2350 ይሆናል። የሁለቱ አማካይ 2360 አንዱ የደመና ጠርዝ ነው። ሌላው ጠርዝ የ52 ካንድሎች መሀል ነው፤ እሱን 2330 እንበለው። 2360 ስለሚበልጥ አረንጓዴ ይቀባል፣ ከዚያ 26 ካንድል ወደፊት ተገፍቶ ይሳላል። የምታዪው ያለፈውን ዋጋ ነው ማለት ነው።

ትሬንዱን በዛሬው ካንድል ቦታ ባለው ደመና እዪ። ዋጋው ከደመናው በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ከስሩ ከሆነ ወደ ታች፣ ውስጡ ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። ቴንካን ከኪጁን በላይ ሆኖ ከራቀ ጉልበት አለ። ተጠግቶት ጠፍጣፋ ከሆነ ደክሟል። የመጀመሪያው ሳፖርት ኪጁን ነው። መንካቱ ብቻ ምንም አይደለም፤ ካንድሉ ከስሩ ከዘጋ ግን ቀጣዩን ሳፖርት የደመናው ላይኛ ጠርዝ ላይ ጠብቂ። ደመናው ስስ ከሆነ በቀላሉ ይበሳል።

ሜሪ ኮዬ፦ አሁን አየሁት ጋሼ። ከኪጁን ስር ዘግቷል፣ ደመናው ውስጥም ገብቷል።

ጋሽ ለገጣፎ፦ እንግዲያው መግዣ አይደለም። ካንድል ከደመናው በላይ እስኪዘጋ ተዪው። ገበያው አንድ ቦታ ሲዋዥቅ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ያኔ ኢቺሞኩ አይረባም።

አቤል ሰበታ፦ እኔ ቢትኮይን ነው የምነግደው። ቅዳሜና እሁድ ስለማይዘጋ 10፣ 30፣ 60 አድርጌዋለሁ። ልክ ነኝ?

ጋሽ ለገጣፎ፦ 26 የመጣው ጃፓኖች በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ ከነበረበት ጊዜ ነው ይባላል፤ ወደ አንድ ወር የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ሐሳብህ ምክንያት አለው። እኔ ግን ብዙው ነጋዴ የሚያየው 9፣ 26፣ 52 ስለሆነ አልነካውም።

አቤል ሰበታ፦ እኔ ደግሞ 30ውን አልለቅም።