የሩብ ዓመት የሽያጭ ለውጥን በምን ላሳይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ አስኪያጆች የማቀርበው ሪፖርት ላይ ተጣብቄያለሁ። እጄ ላይ የሦስት ምርቶች የ8 ሩብ ዓመታት ሽያጭ አለ።

መጀመሪያ የመስመር ግራፍ ሠራሁ። ሽያጩ በየዓመቱ አራተኛው ሩብ ላይ ወጥቶ በቀጣዩ እንደሚወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስኪያጆቹ የሚጠይቁት ግን «ካለፈው ሩብ ምን ያህል ተለወጠ?» ነው።

ስለዚህ የለውጡን መቶኛ በባር ቻርት አወጣሁ። ትልቁ ምርት ከ400 ወደ 440 አድጓል፤ 10 በመቶ። ትንሹ ከ40 ወደ 60፤ 50 በመቶ። የትንሹ ባር አምስት እጥፍ ረዝሞ ቁጭ አለ። በብዛት ካየነው ግን ትልቁ 40፣ ትንሹ 20 ነው የጨመሩት። ይሄ አስኪያጆቹን ያሳስታል ብዬ በጣም ሰጋሁ። ጠቅላላ ሽያጩን ባር ባደርገው ደግሞ፣ ባር ከዜሮ መነሳት ስላለበት፣ የትንሹ ለውጥ በቅጡ አይታይም።

ሠንጠረዥ ሁለቱንም ይይዛል፤ አዝማሚያውን ግን ይደብቃል።

አሁን ያሰብኩት የጨመረውን ብዛት በባር አሳይቶ መቶኛውን ጫፉ ላይ መጻፍ ነው። ያስኬዳል? ወቅታዊው መዋዠቅ እንዳያሳስትስ ከዓምናው ተመሳሳይ ሩብ ጋር ላነጻጽር ወይስ የጠየቁትን ብቻ ልመልስ? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።