18 በመቶ በየወሩ ወይስ 19 በዓመት? ማስሊያ ጠቁሙኝ

ሚኪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ሁለት የብድር አማራጭ አለኝ፣ አንዱ 18 በመቶ ነው ግን ወለዱ በየወሩ እየታሰበ ዋናው ላይ ይደመራል፣ ሌላው 19 በመቶ ሆኖ በዓመት አንዴ ነው የሚታሰበው። ለማወዳደር በምን ላስላው? ኤክሴል፣ የፋይናንስ ካልኩሌተር ወይስ ስልኬ ይበቃል?

ናቲ፦ ይሄ ምን ማስሊያ ይፈልጋል፣ 18 ለ12 ሲካፈል በወር 1.5፣ መልሰህ በ12 ስታባዛው ያው 18። የመጀመሪያውን ውሰድ።

ሂሩት፦ ናቲ 1.5ቷ ልክ ናት፣ የሳትከው ማባዛቱ ላይ ነው። 100 ቢበደር በመጀመሪያው ወር 101.50 ይሆናል፣ የሁለተኛው ወር ወለድ የሚታሰበው በዚህ በ101.50 ላይ ስለሆነ 103 ሳይሆን 103.02 ይገባል፣ እንዲህ እያለ 12ኛው ወር ላይ 119.56 ይደርሳል። እና ሚኪ፣ እውነተኛው የዓመት ወለድ 19.56 ነው፣ ሌላ ክፍያ ከሌለባቸው 19ኙ ይረክሳል። እኔ የምጠቁምህ ኤክሴል ወይ ጉግል ሺትስ ነው፦

```
=EFFECT(0.18,12)
```

0.18 ወይ 18% ብለህ ጻፍ፣ ዝም ብለህ 18 ካልከው 59603 ምናምን የሚል ጉድ ያመጣልሃል። 20% ካለህ ደግሞ ሴሉ አጠጋግቶብህ ነው፣ ዴሲማል ጨምርበት።

ሳሚ፦ BA II Plus ያለው ሰው 2ND ከዛ ICONV ይንካ፣ NOM ላይ 18፣ C/Y ላይ 12 አስገብቶ EFF ላይ ሲመለስ CPT። እዚህ ላይ 0.18 ሳይሆን 18 ነው የሚገባው። ለዚህ ብቻ ብለህ ግን አትግዛው።

ሂሩት፦ አዎ፣ ስልክም ይበቃል፣ 1.015^12 ብለህ 1 ትቀንሳለህ። መሃል ላይ ብቻ አታጠጋጋ፤ 17 በመቶ ቢሆን ለ12 ስታካፍለው 1.41666 እያለ ይሄዳል፣ 1.4 ብለህ ከቆረጥከው 18.39 የነበረው 18.16 ይወጣልሃል።

ቤቲ፦ የኔ ፍላት 12 በመቶ ነው፣ 12,000 ወስጄ ለ12 ወር 1,120 እከፍላለሁ፣ EFFECT ውስጥ ሳስገባው 12.68 አለኝ፣ ደህና ነው አይደል?

ሂሩት፦ አይ ቤቲዬ፣ ያንቺ ሌላ ነው። ዋናውን በየወሩ እየመለስሽ ወለዱ ግን እስከመጨረሻው በሙሉ 12,000 ላይ ነው የታሰበብሽ፣ መጀመሪያ =RATE(12,-1120,12000) በይው፣ በወር 1.79 አካባቢ ይሰጥሻል፣ እሱ ወደ ዓመት ሲቀየር 23.7 ገደማ ነው።

ቤቲ፦ እንዴ እጥፍ ሊሆን ነው እኮ!!

ሚኪ፦ የኔን ግን ወለዱን በየወሩ ብከፍለውስ? ወለድ ላይ ወለድ አይኖርም።

ናቲ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ 18 ነው የሚወጣብህ።

ሂሩት፦ ዕዳው አያድግም፣ ግን ገንዘቡ ከእጅህ ቀድሞ እየወጣ ነው፣ ከ19ኙ ጋር ለማወዳደር አሁንም 19.56ቱን ያዝ።

ሳሚ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ያ ብር እጁ ላይ ቢቆይ 1.5 በመቶ በወር የሚያስገባለት ቦታ ከሌለው ለሱ 19.56 አይሆንበትም።

ሂሩት፦ ሁለቱን ብድር በአንድ መስፈሪያ ካልለካሃቸው ታዲያ በምን ልታወዳድር ነው?